ልጅ ያየውን ይማራል፤ የተማረውን የሚያደርገው ግን መቼ ነው?

«ይህን ደግሞ ማን አስተማረው?» ልጃቸው ታናሹን በጥፊ ሲመታ ወይም ከአፉ ያልጠበቁት ስድብ ሲወጣ ብዙ ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ ይህ ነው። በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ደጋግመን ሰምተነዋል። በጥያቄው ውስጥ አንድ ግምት አለ፤ ልጁ እንዲማታ የነገረው ወይም ሲማታ «ጎበዝ» ያለው ሰው መኖር አለበት የሚል ግምት። ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ሲያጣ «የሰፈር ልጆች ናቸው ያበላሹት» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ይሁንና ልጅ ለመማር የሚነግረው ሰው እንደማያስፈልገው ከራሳችን ቤት እናውቃለን። ገና አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕጻን አባቱ ሲሰግድ ከጎኑ ቆሞ እጁን ያጣጥፋል፤ አባቱ ሱጁድ ሲወርድ እርሱም ግንባሩን መስገጃው ላይ ያሳርፋል። ማንም «ስገድ» አላለውም፤ ለዚህ ብሎ ከረሜላ የሰጠውም የለም። አየ፣ ያየውን ያዘ፣ አደረገው። በማየት መማር ማለት ይህ ነው። ሱጁዱን ያስተማረው ይኸው መንገድ ጥፊውንም ያስተምራል። በዚህ ጽሑፍ መንገዱ እንዴት እንደሚሠራና ወላጅ የትኛው ቦታ ላይ ሊይዘው እንደሚችል እናያለን።

በስታንፎርድ የተደረገው ሙከራ

ጉዳዩን በሙከራ ከፈተሹት ተመራማሪዎች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አልበርት ባንዱራ ነው። ባንዱራ (1925–2021) በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። በዘመኑ የገነነው አስተሳሰብ፣ ሰው አንድን ድርጊት የሚማረው ራሱ አድርጎት ሲሸለምበት ወይም ሲቀጣበት ነው የሚል ነበር። ባንዱራ ግን ልጅ ምንም ሳያደርግና ምንም ሳይሸለም፣ በማየት ብቻ አዲስ ነገር ሊማር ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በዩኒቨርሲቲው መዋዕለ ሕጻናት የሚማሩ 72 ልጆች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ወንዶች፣ ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። ከሙከራው አስቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ምን ያህል ተደባዳቢ እንደሆነ ተለካ። ይህ የተደረገው በተፈጥሯቸው ቁጡ የሆኑት ልጆች በአንድ ቡድን ብቻ እንዳይከማቹ ነው።

ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ክፍል እየገቡ በአንዱ ጥግ በራሳቸው ጨዋታ ተጠመዱ። በሌላው ጥግ አንድ አዋቂ ሰው ተቀመጠ። ከእርሱ አጠገብ በአየር የተነፋ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል፣ ቢገፉት ተመልሶ የሚቆም «ቦቦ» የተባለ ትልቅ አሻንጉሊት ነበር። 24ቱ ልጆች ያዩት አዋቂ ለአንድ ደቂቃ ያህል በሌላ መጫወቻ ቆይቶ ወደ አሻንጉሊቱ ዞረ። አጋድሞ ተቀመጠበት፣ አፍንጫውን በቡጢ ደበደበው፣ አንስቶ በእንጨት መዶሻ ራሱን መታው፣ ወደ ላይ ወረወረው፣ በክፍሉ ውስጥ እየረገጠ አንከባለለው። ይህን ሲያደርግ «ምታው»፣ «ርገጠው» የሚሉ ቃላትን ይናገር ነበር። ሌሎች 24 ልጆች ያዩት አዋቂ አሻንጉሊቱን ከነመኖሩም ረስቶ በጸጥታ የራሱን ጨዋታ ይሠራ ነበር። የቀሩት 24 ልጆች ማንንም አላዩም።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ማራኪ መጫወቻዎች ወዳሉበት ሌላ ክፍል ተወሰዱ። ጨዋታው እንደጣማቸው ግን «እነዚህ ለሌሎች ልጆች የተቀመጡ ናቸው» ተብለው እንዲያቆሙ ተደረገ። ዓላማው ሁሉንም በእኩል ደረጃ ትንሽ ማበሳጨት ነበር። በመጨረሻም አነስ ያለ ቦቦ፣ መዶሻ፣ የሻይ ዕቃ መጫወቻ፣ የሥዕል ቀለምና ሌሎችም ነገሮች ባሉበት ሦስተኛ ክፍል ለ20 ደቂቃ ተተዉ። ተመልካቾቹ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆነው በየአምስት ሰከንዱ የሚያዩትን መዘገቡ።

ተደባዳቢውን አዋቂ ያዩት ልጆች አሻንጉሊቱን መምታታቸው ብቻ አልነበረም አስገራሚው። ብዙዎቹ የመቱት አዋቂው በመታበት መንገድ ነው፤ እንደ እርሱ አጋድመው፣ እንደ እርሱ ተቀምጠው፣ የእርሱን ቃል እየደገሙ። በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ካሉት ልጆች ግን ከመቶ 70 የሚሆኑት እንዲህ ያለ የተኮረጀ ድርጊት አንድም ጊዜ አላሳዩም። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ውጤት ነበር። ረጋ ያለ ወንድ ያዩት ልጆች ማንንም ካላዩት ልጆች ይልቅ የተረጋጉ ሆነው ተገኙ። እርጋታም ይታያል፤ ሲታይም ይጋባል ማለት ነው።

ዓይኑ ማንን ይከተላል?

ባንዱራ በኋላ ባዳበረው ማብራሪያ፣ ያዩት ነገር ወደ ድርጊት እስኪደርስ አራት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ ልጁ ልብ ብሎ ማየት አለበት። ቀጥሎ ያየውን በአእምሮው መያዝ አለበት። ሦስተኛ፣ አካሉ ድርጊቱን ለመፈጸም የሚችል መሆን አለበት። አራተኛ፣ ለማድረግ የሚገፋፋው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ከአራቱ ወላጅ በቀጥታ ሊነካቸው የሚችለው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው።

ልጅ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ እኩል አያይም። ዓይኑ የሚሄደው ለእርሱ ቅርብ ወደሆነ፣ ወደሚወደው፣ ኃይል ወዳለው፣ እርሱን ወደሚመስለው ሰው ነው። የባንዱራ ቡድን ባደረገው ሌላ ጥናት፣ ልጆች መጫወቻውንና ሽልማቱን የሚያድለውን አዋቂ ከሌላው አብልጠው ሲኮርጁ ታይቷል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስልኩን የሚሰጠውና የሚከለክለው፣ ገንዘቡን የሚይዘው፣ ሌሎች የሚታዘዙት ሰው ዋናው አርአያ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው፤ ታናሹ ሊሆነው የሚፈልገውን የሚመስል፣ ግን ሊደርስበት የሚችል ሰው ነውና።

ትኩረት የሚስበው ሌላው ነገር የድርጊቱ ጉልህነት ነው። አባት ቀኑን ሙሉ በለሰለሰ ቃል ሲናገር ውሎ ማታ ለአንድ ደቂቃ ቢጮህና በር ቢወረውር፣ የልጁ ትኩረት የሚሄደው ወደዚያች ደቂቃ ነው። በሙከራው ውስጥም ልጆቹ የራሳቸው ጨዋታ ተሰጥቷቸው ነበር፤ «ያንን ሰው ተመልከት» ያላቸው አልነበረም። ሆኖም ሁሉንም ነገር ይዘውታል። «እየተጫወተ ነው፣ አይሰማንም» ብለን በልጅ ፊት የምንጣላ ሁሉ ይህችን ነጥብ ልብ ማለት ይኖርብናል።

አርአያው በአካል መገኘትም ግዴታው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ባንዱራና ባልደረቦቹ ተመሳሳዩን ድብደባ ለአንዳንድ ልጆች በፊልም፣ ለሌሎች ደግሞ ድመት በለበሰች ተዋናይ በካርቱን መልክ አሳዩ። በስክሪን ያዩትም ልጆች ኮረጁ። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ ላይ ለሚያልፈው ነገርም ይኸው ይሠራል፤ ሲማታ የሚሳቅለት ሰው በስልክ ውስጥ ያለ አርአያ ነው።

የመማርና የማድረግ ልዩነት

ከሁሉም ይልቅ ለወላጅ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ሙከራ ነው። በዚህኛው 66 ልጆች አንድ ሰው ቦቦን በተለያየ መንገድ ሲደበድብ የሚያሳይ አጭር ፊልም አዩ። ድብደባው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው የፊልሙ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ባየው መጨረሻ ሌላ ሰው መጥቶ ተደባዳቢውን «ጀግና» ብሎ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ቡድን ባየው መጨረሻ ያ ሰው ጣቱን እየነቀነቀ ይቆጣዋል፤ በተጠቀለለ መጽሔትም ይመታዋል። ሦስተኛው ቡድን ያየው ፊልም ያለ ሽልማትም ያለ ቅጣትም አለቀ፤ ምንም የመጣ ሰው የለም።

ከዚያ ልጆቹ አሻንጉሊቱ ካለበት ክፍል ለአሥር ደቂቃ ብቻቸውን ቀሩ። ተደባዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ኮረጁ። እስከዚህ ድረስ የሚያስገርም ነገር የለም፤ በሌላው ላይ የደረሰውን አይቶ መጠንቀቅ የሰው ልማድ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ሊያስደንቁን ይገባል።

የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ተደባዳቢው ሲሸለም ያዩት ልጆችና ምንም ሳይባል ሲቀር ያዩት ልጆች በኩረጃቸው መጠን ይህን ያህል አልተለያዩም። በልጅ ዓይን ዝምታ ፈቃድን ይመስላል። ታላቁ ልጅ ታናሹን ገፍቶ ስልኩን ሲነጥቅ ቤተሰቡ አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ፣ እኛ «አልደገፍነውም» እንላለን። የሚያየው ልጅ ግን የያዘው «ገፋ፣ ስልኩን አገኘ፣ ማንም ምንም አላለም» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በሙከራው መጨረሻ ተመራማሪዋ ለሁሉም ልጆች ጭማቂና የሚለጠፉ ሥዕሎችን አቀረበች፤ ሰውየው ያደረገውን አንድ ነገር ባሳዩ ቁጥር ይሸለማሉ። በዚህ ጊዜ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ቅጣቱን ያዩትም ልጆች እንደ ሌሎቹ ሁሉ ድርጊቱን ዘርዝረው አሳዩ። ከወንዶቹ ያነሰ ሲኮርጁ የነበሩት ሴቶች ልጆችም ወደ ወንዶቹ ተጠጉ። ሁሉም ተምረዋል፤ የተለያዩት በማሳየት ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ቅጣት ድርጊቱን ይደብቀዋል እንጂ ከአእምሮ አያጠፋውም። ልጁ ያየው ነገር ውስጡ ተቀምጦ፣ የሚያዋጣበት ቦታና የሚቀጣው ሰው የሌለበት ጊዜ እስኪመጣ ይጠብቃል።

በአንድ ቤት ውስጥ እንየው

ነገሩን ወደ ቤታችን ለማምጣት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዘጠኝና የአምስት ዓመት ወንድማማቾች አሉ። ታናሹ የእናቱን ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ታላቁ መጥቶ «አምጣ ብያለሁ!» ብሎ ትከሻውን ገፍቶ ይነጥቀዋል። ታናሹ ያለቅሳል። እናት ወጥ ቤት ሆና «ኧረ ዝም በሉ!» ትላለች፤ ታላቁ ስልኩን እንደያዘ ይቀራል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ታናሹ በመድረሳ አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ እርሳስ ሲነጥቅ ይገኛል። «አምጣ ብያለሁ!» ይላል፤ ትከሻውንም ይገፋል። ኡስታዙ በልምጭ እጁን ይመቱታል። ልጁ በመድረሳ ውስጥ ይህን ዳግመኛ አያደርግም፤ ሁሉም «ታረመ» ይላል። ማታ በሰፈር ግን ከእርሱ በሚያንስ ልጅ ላይ ያንኑ ቃልና ያንኑ ግፊያ ይደግመዋል።

በአራቱ ደረጃዎች እንፈትሸው። ትኩረቱ የሄደው ወደ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ሊመስለው የሚፈልገው እርሱን ነውና። በአእምሮው የያዘው ቃሉንና ግፊያውን በአንድ ላይ ነው። ግፊያ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚከብድ ድርጊት አይደለም። የሚገፋፋው ምክንያትም ግልጽ ነው፤ በቤቱ ድርጊቱ ስልክ አስገኝቷል። የኡስታዙ ልምጭ የነካው የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው፤ እርሱንም የነካው እርሳቸው ባሉበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ አልፎ ልጁ ሌላ ነገር አይቷል፤ ትልቁ ሰው ትንሹን መትቶ የፈለገውን ሲያስፈጽም። ይህም እንደ ሌላው ሁሉ የሚታይ ትምህርት ነው።

ታዲያ እናት ምን ማድረግ ትችል ነበር? ሥራው ያለው ስልኩ በተነጠቀባት ደቂቃ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደተገፋው ልጅ ትሄዳለች፤ የቤቱ ትኩረት ገፊውን ሳይሆን የተገፋውን እንዲከተል። ቀጥላ ድምጿን ሳታነሳ ስልኩን ከታላቁ ትወስዳለች፤ «በመግፋት የተወሰደ ነገር እዚህ ቤት አይያዝም» ትላለች፤ ስልኩም ለዚያ ሰዓት ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ታናሹ እያየ መሆን አለበት። በ1965ቱ ፊልም እንዳየነው ለተመልካቹ ልጅ የሚወስነው የታሪኩ መጨረሻ ነውና፤ ቅጣቱ በኋላ በጓዳ ቢሰጥ ታናሹ ያየው መጨረሻ «ገፋና አገኘ» ሆኖ ይቀራል።

ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። መከልከል በአእምሮ ያለውን እንደማያጠፋ አይተናል፤ ስለዚህ በቦታው የሚያዋጣ ሌላ ድርጊት መታየት አለበት። ነገሩ ከበረደ በኋላ እናት ታላቁን «ተራዬ ሲደርስ ስጠኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ታደርጋለች፤ ተራው ሲደርስም ስልኩን በእርግጥ ይሰጡታል። አሁን ታናሹ አዲስ መጨረሻ አየ፤ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ አገኘ። ተራው ሳይሰጠው ቢቀር ግን ልጁ የሚማረው በጥሩ ቃል መጠየቅ እንደማያዋጣ ነው።

ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ወላጅ አንድ ቀን አጥብቆ ይይዝና በሌላው ቀን ደክሞት ሲተወው ነው። አልፎ አልፎ የሚያዋጣ ድርጊት ሁልጊዜ ከሚያዋጣው ይልቅ ለመተው ያስቸግራል፤ ልጁ «ምናልባት ዛሬ ይሆናል» እያለ ይሞክራልና። አባትና እናት በአንድ ሕግ ካልተስማሙም ውጤቱ ይኸው ነው።

ኩረጃ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የባንዱራ ቡድን የተጠቀመበት መለኪያ ለወላጅም ይሠራል። ልጁ መማታቱን ብቻ ሳይሆን አመታቱን እንይ። ለየት ያለ ቃል፣ የታወቀ የእጅ አነሳስ፣ የአንድ ሰው የድምፅ ቃና ካለበት ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። «አምጣ ብያለሁ!» የምትለው ሐረግ ባለቤት አላት። ሳንቆጣ «ማን ነበር እንዲህ ያደረገው? እስቲ አሳየኝ» ብንለው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ይነግረናል። እየተቆጣን ከጠየቅነው ግን ይደብቃል፤ አለማሳየት ደግሞ አለማወቅ እንዳልሆነ አይተናል።

ሁሉም ጠብ ግን ኩረጃ አይደለም። ሕጻናት ሁለትና ሦስት ዓመት አካባቢ ማንም ሳያሳያቸው ይነክሳሉ፣ ይማታሉም፤ ቋንቋቸው ሲዳብርና ራሳቸውን መግታት ሲለምዱ በአብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል። የተራበ፣ እንቅልፍ ያነሰው፣ ሐሳቡን በቃል መግለጽ የሚያቅተው ልጅም ይማታል። እንዲህ ላለው ልጅ ቀድሞ የሚፈለገው ምግቡ፣ እንቅልፉና ንግግሩ ነው እንጂ አርአያው አይደለም።

የሙከራዎቹንም ድንበር ማወቅ ያስፈልጋል። ቦቦ ቢመቱት ተመልሶ የሚቆም፣ ለመመታት የተሠራ አሻንጉሊት ነው፤ ሰው አይደለም። ተቺዎች ልጆቹ ያሳዩት ጠብን ሳይሆን ጨዋታን ሊሆን ይችላል፣ ወይም «ከእኛ የሚፈለገው ይህ ነው» ብለው ገምተው ይሆናል ብለዋል። ልጆቹ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕጻናት ተማሪዎች ነበሩ፤ የታዩትም ወዲያውኑ ለደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሙከራዎች «ጠብ ያየ ልጅ አድጎ ጠበኛ ይሆናል» የሚል ፍርድ መስጠት አይቻልም። የሚያሳዩት ከዚህ ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ ልጅ የጠብን መልክ በማየት ብቻ ሊይዝ እንደሚችል፣ የያዘውን ለማሳየት ወይም ለመደበቅ ደግሞ ያየው መጨረሻ ከባድ ሚና እንዳለው።

ስለዚህ «ማን አስተማረው?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎችን እናክልበት። ልጁ ይህን ሲደረግ ያየው የት ነው? ያደረገው ሰውስ በመጨረሻ ምን ሲያገኝ አየ? የመጀመሪያውን ሁልጊዜ መከላከል አንችልም፤ ሰፈሩም ስልኩም በእጃችን አይደሉም። በቤታችን የሚሆነው ነገር መጨረሻ ግን በአብዛኛው በእጃችን ነው።